ስዊቹ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ኮምፒውተሮቹ አያገኙም፦ የመመለሻ ሩት ጉዳይ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን ባለው ቅርንጫፍ ቢሮአችን ሌየር ስሪ ስዊች ተክዬ ከኢንተርኔት ራውተሩ ጋር አገናኝቻለሁ። ቪላን 10 የሠራተኞች ኮምፒውተር ነው፣ 10.20.10.0/24። ቪላን 20 ፕሪንተርና ካሜራ ነው፣ 10.20.20.0/24። ራውተሩ 10.20.255.1፣ ስዊቹ 10.20.255.2 ናቸው። ሁለቱ ቪላኖች እርስ በርስ ይገናኛሉ። ዲፎልት ሩት ስዊቹ ላይ አስገብቻለሁ። ከስዊቹ 8.8.8.8 ፒንግ ሳደርግ ይመልሳል። ከኮምፒውተር ግን ኢንተርኔት የለም፣ ራውተሩም አይመልስም። ሦስት ቀን ሆነኝ። ምን ጎደለኝ? ታናሽ ወንድምዎ።

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። የጎደለው ስዊችህ ላይ አይደለም፣ ራውተሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሮችህ የሚልኩት ፓኬት ራውተሩ ጋ በደህና ይደርሳል። ራውተሩ ግን መልሱን በየት በኩል እንደሚመልስ አያውቅም። በሲስኮ አጻጻፍ ራውተሩ ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች አስገባ፦

```
ip route 10.20.10.0 255.255.255.0 10.20.255.2
ip route 10.20.20.0 255.255.255.0 10.20.255.2
```

ይህን ስታደርግ ኮምፒውተሮቹ ራውተሩን ፒንግ ማድረግ ይጀምራሉ። ኢንተርኔቱ ግን ያኔም እምቢ ሊል ይችላል። ከኋላው ሁለተኛ ግድግዳ አለ፣ እሱም የናት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው። አንዱን ፈትተህ ሌላው ሲቀር “የመጀመሪያው መፍትሔ አልሠራም” ብለህ ያስገባኸውን መልሰህ እንዳታጠፋው እሰጋለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

መጀመሪያ አንድ ፓኬት እንከተል። የአንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር 10.20.10.25 ነው እንበል። ወደ 8.8.8.8 መላክ ይፈልጋል። ይህ አድራሻ የራሱ ኔትወርክ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ለጌትዌዩ ያስረክባል። ጌትዌዩ ስዊቹ ላይ ያለው የቪላን 10 አድራሻ፣ 10.20.10.1 መሆን አለበት። ኮምፒውተሮቹ ከድሮው አሠራር የቀረ የራውተር አድራሻ እንደ ጌትዌይ ይዘው ከሆነ ግን ስዊቹ ጋ ጭራሽ አይደርሱም። ያንተ ሁለት ቪላኖች እርስ በርስ ስለሚገናኙ ይህ ልክ ነው ማለት ነው።

ስዊቹ ፓኬቱን ሲቀበል ራውቲንግ ቴብሉን ያያል። ያንተ ስዊች ላይ `show ip route` ብትል እንዲህ ያለ ነገር ማየት አለብህ፦

```
Gateway of last resort is 10.20.255.1 to network 0.0.0.0

S*   0.0.0.0/0 [1/0] via 10.20.255.1
C    10.20.10.0/24 is directly connected, Vlan10
C    10.20.20.0/24 is directly connected, Vlan20
C    10.20.255.0/30 is directly connected, GigabitEthernet1/0/24
```

ስዊቹ ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ለመድረሻው አድራሻ ይበልጥ የጠበበውን ይመርጣል። መድረሻው 10.20.20.7 ቢሆን ኖሮ የቪላን 20 መስመር ያሸንፍ ነበር። 8.8.8.8 ግን ከሦስቱ አንዱም ውስጥ የለም። የቀረው ሁሉንም የሚቀበለው 0.0.0.0/0 ነው። ዲፎልት ሩት የሚባለው እሱ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚታይ፣ ሌላ ሲጠፋ ብቻ የሚያዝ መንገድ። ስለዚህ ፓኬቱ ወደ 10.20.255.1 ይሄዳል። እስከዚህ ምንም ችግር የለም።

አሁን መልሱን እንይ። ኮምፒውተሩ ራውተሩን ራሱን ፒንግ አደረገ እንበል። ራውተሩ ጥያቄው ደረሰው። መልሱን ለ10.20.10.25 መላክ አለበት። የራሱን ቴብል ያያል። እዚያ ያለው ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘው 10.20.255.0/30፣ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው የሚወጣው መስመር እና ወደ አቅራቢው የሚያመለክት ዲፎልት ሩት ብቻ ነው። 10.20.10.0 የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ራውተሩም ስዊቹ እንዳደረገው ዲፎልቱን ይይዛል። ስዊቹ ጋ መመለስ የነበረበት ፓኬት ፊቱን አዙሮ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። የአቅራቢው መሣሪያም 10 ብሎ የሚጀምር የግል አድራሻ ስለማያስተናግድ ይጥለዋል።

የአገራችንን መንገድ አስበው። ከመሐል ሜዳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብዙ ማወቅ አይጠበቅበትም። ጣርማ በር ላይ ዋናውን አስፋልት ከያዘ የቀረውን መንገዱ ራሱ ያደርሰዋል። መመለሱ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ጣርማ በር ሲደርስ የመንዝ መገንጠያው የቱ እንደሆነ ካላወቀ ዋናውን መንገድ ይቀጥላል። ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደሴ ቢደርስም መሐል ሜዳን አያገኝም። አሁን ራውተሩ ላይ የምታስገባቸው ሁለት መስመሮች መገንጠያው ላይ የሚተከሉ ምልክቶች ናቸው።

“ታዲያ ስዊቹ ለምን 8.8.8.8ን አገኘ?” ትለኝ ይሆናል። ሦስት ቀን ያደከመህ ይኸው ነው። ስዊቹ ራሱ ፒንግ ሲያደርግ የላኪ አድራሻ አድርጎ የሚጽፈው ፓኬቱ የሚወጣበትን ፖርት አድራሻ፣ 10.20.255.2ን ነው። ይህን አድራሻ ራውተሩ በደንብ ያውቀዋል፤ በአንድ ኬብል የተያያዙ ናቸው። መልሱ ያለ ምንም ስታቲክ ሩት ይመለሳል። ስለዚህ ከስዊቹ የሚደረግ ተራ ፒንግ ገመዱና ኢንተርኔቱ ደህና መሆናቸውን ይነግርሃል እንጂ ስለ ኮምፒውተሮችህ ምንም አይነግርህም።

ትክክለኛው ፈተና ስዊቹ በቪላን 10 አድራሻ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፦

```
ping 10.20.255.1 source vlan 10
ping 8.8.8.8 source vlan 10
```

አሁን የላኪ አድራሻው 10.20.10.1 ይሆናል፤ ማለትም ስዊቹ በኮምፒውተሮቹ ጫማ ቆሞ ይጠይቃል። ያለ `source` የሠራው ፒንግ በ`source` እምቢ ካለ የጎደለው የመመለሻ መንገድ ወይም ናት ነው። የሠራተኛ ኮምፒውተር ሳትነካ፣ ከጠረጴዛህ ሳትነሳ ይህን ታውቃለህ። አዲስ ቅርንጫፍ ስሠራ ያለ `source` የተደረገ ፒንግን እንደ ማስረጃ አልቀበልም።

ራውተሩ ላይ ደግሞ ነገሩን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ሁለቱን መስመሮች ከማስገባትህ በፊት `show ip route 10.20.10.25` ብትለው `% Subnet not in table` ይልሃል። ይህን አንብበህ “ፓኬቱን ጣለው ማለት ነው” ብለህ እንዳትደመድም። ቴብሉ ውስጥ ለይቶ አያውቀውም እንጂ በዲፎልቱ ይልከዋል። የትኛውን በር እንደሚያስወጣው የሚያሳይህ ይህኛው ነው፦

```
show ip cef 10.20.10.25
```

መልሱ ላይ 0.0.0.0/0 እና የአቅራቢው አድራሻ ከታየ፣ ቢሮህ ውስጥ ላለ ኮምፒውተር የተላከ ፓኬት ወደ ውጭ እየሄደ ነው። መስመሮቹን አስገብተህ ድገመው። አሁን 10.20.10.0/24 እና 10.20.255.2 ታያለህ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ግድግዳ እንሂድ። የመመለሻ ሩቱን አስገብተህ ከኮምፒውተሩ ራውተሩን ፒንግ አደረግህ፣ መለሰ። 8.8.8.8 ግን ዝም አለ። ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒውተርህ የግል አድራሻ ነው ያለው። ኢንተርኔት ላይ ለመውጣት ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በራሱ ሕዝባዊ አድራሻ መቀየር አለበት። ናት የሚሠራው ይህን ነው። ራውተሩ ግን ያገኘውን ሁሉ አይቀይርም። የእነማን አድራሻ እንደሚቀየር የሚወስን አክሰስ ሊስት አለው። ራውተሩ ስዊቹ ከመምጣቱ በፊት ወይም ከስዊቹ ጋር ብቻ ታስቦ ከተዋቀረ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው 10.20.255.0 ብቻ ይሆናል። ከስዊቹ ያደረግኸው ፒንግ የሠራው በዚህም ምክንያት ነው። የቪላን 10 ፓኬት ግን ሳይቀየር፣ የግል አድራሻውን እንደያዘ ይወጣል። መልስ ሊመጣለት አይችልም።

ዝርዝሩን እንዲህ አድርገው። ስሙ ያንተ ራውተር ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በ`show run` ፈልገህ `ip nat inside source list` ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ስም ተጠቀም፦

```
ip access-list standard LAN-NAT
 permit 10.20.255.0 0.0.0.3
 permit 10.20.10.0 0.0.0.255
```

ቁጥሮቹን ልብ በል። እዚህ የሚጻፈው ማስክ የተገለበጠ ነው። 255.255.255.0 የነበረው 0.0.0.255 ይሆናል። ሩቱን ስትጽፍ ባለ 255ውን፣ አክሰስ ሊስቱን ስትጽፍ የተገለበጠውን። ሁለቱን ማማታት የተለመደ ስህተት ነው።

ቪላን 20ን ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ፕሪንተርና ካሜራ ያለ በቂ ምክንያት ወደ ኢንተርኔት እንዲወጡ አልፈልግም። አለቆችህ ካሜራውን ከሩቅ እናያለን ካሉ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም ቢሆን በቪፒኤን ይሁን እላለሁ። የመመለሻ ሩቱን ግን ለቪላን 20ም አስገባ። ወደፊት ከራውተሩ ወይም ከዋናው መሥሪያ ቤት ፕሪንተሩን ፒንግ ማድረግ ስትፈልግ ይጠቅምሃል።

ናቱ መሥራቱን ለማየት ከኮምፒውተሩ ፒንግ እያደረግህ ራውተሩ ላይ `show ip nat translations` በል። 10.20.10.25 የሚል መስመር ከታየ እየቀየረ ነው። 10.20.255.2 ብቻ ከታየ የቪላን 10 ፈቃድ ጎድሏል።

ሁለቱን ግድግዳዎች በአንድ ትእዛዝ የሚለይ ነገርም ልንገርህ። ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ `tracert -d 8.8.8.8` በል። 10.20.10.1 ብቻ ታይቶ ከዚያ በኋላ ኮከብ በኮከብ ከሆነ የመመለሻ ሩት የለም። ራውተሩ መልስ ጽፎልሃል፣ ግን ወደ ሌላ ቦታ ልኮታል። 10.20.10.1፣ ቀጥሎ 10.20.255.1 ታይተው ከዚያ ኮከብ ከሆነ የመመለሻ ሩቱ አለ፣ ናቱ ቀርቷል። ያንተ ጥያቄ ራውተሩም አይመልስም ስለሚል አሁን የመጀመሪያው ላይ ነህ።

ራውተሩ የአቅራቢው ንብረት ሆኖ የይለፍ ቃሉ ካልተሰጠህስ? ይህ በክፍለ ሀገር ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ስዊቹ ላይ የቱንም ያህል ብትለፋ አይፈታም። ስለ መመለሻው የሚወስነው ራውተሩ ነው። አብዛኞቹ የቢሮ ሌየር ስሪ ስዊቾች ደግሞ ናት አይሠሩም፤ ስለዚህ የቪላኖቹን አድራሻ ስዊቹ ላይ ቀይሬ ልላክ ማለትም አይሆንልህም። ለአቅራቢው ቴክኒሻን “ኢንተርኔት አይሠራም” ብለህ አትደውል። ኢንተርኔቱ ይሠራልና መጥቶ፣ ከራውተሩ ፒንግ አድርጎ፣ ይሠራል ብሎህ ይሄዳል። ይልቁንስ ሁለቱን የ`ip route` መስመሮችና የአክሰስ ሊስቱን መስመር ጽፈህ ላክለት። “እነዚህን ሦስት መስመሮች አስገባልኝ” በለው። እምቢ ካለ ቀሪው መንገድ በመካከል የራስህን ትንሽ ራውተር አስገብቶ ናቱን እዚያ ላይ መሥራት ነው።

ስዊቹ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር እይልኝ። ችግሩ የመጣው ከእነሱ አይደለም፣ ነገ ግን ሊያስቸግሩህ ይችላሉ።

አንደኛው `ip default-gateway` የሚለው መስመር ነው። ብዙ ሰው ይህንና ዲፎልት ሩትን አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። `ip default-gateway` የሚሠራው ስዊቹ ራውቲንግ ሳይሠራ፣ እንደ ተራ ስዊች ሲቀመጥ ነው። ያኔም የሚጠቅመው ስዊቹን ራሱን ከሩቅ ለማስተዳደር ብቻ ነው። `ip routing` የሚለው ትእዛዝ ከበራ በኋላ ስዊቹ አያየውም። የአንተ ቪላኖች እርስ በርስ ስለሚገናኙ `ip routing` በርቷል። ግን `show ip route` ላይ `Gateway of last resort is not set` የሚል ካየህ ዲፎልት ሩት ያስገባህ መስሎህ ያስገባኸው ይህኛውን ነው። ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
ip routing
ip route 0.0.0.0 0.0.0.0 10.20.255.1
```

ሁለተኛው፣ ዲፎልት ሩቱን በአድራሻ ጻፍ እንጂ በፖርት ስም አትጻፍ። መጨረሻው ላይ `10.20.255.1` በማለት ፈንታ `GigabitEthernet1/0/24` ብለህ ብትጽፍም ስዊቹ ይቀበልሃል። እንዲያውም ሊሠራ ይችላል። ግን ስዊቹ ኢንተርኔቱ በሙሉ በዚያ ኬብል ጫፍ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ የኢንተርኔት አድራሻ “ይህ አድራሻ የማን ነው?” እያለ በገመዱ ላይ ይጮሃል። ራውተሩ ስለሌሎች ሆኖ የሚመልስበት ባሕርይ፣ ፕሮክሲ አርፕ፣ ከበራ ነገሩ ይሠራል። አንድ ቀን አንድ ሰው ለደኅንነት ብሎ ካጠፋው ቢሮው በሙሉ ጭልም ይላል። ምልክቱ `show ip arp` ላይ ይታያል። በመቶ የሚቆጠሩ የውጭ አድራሻዎች ከአንድ ማክ አድራሻ ጋር ተደርድረው ካየህ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ራውተሩ የተሰካበት ፖርት ነው። `no switchport` ተብሎ አድራሻው ፖርቱ ላይ ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ ያኔ በዚያ ገመድ ላይ ከሁለቱ በቀር ማንም አይኖርም።

አሁን ስለ አንድ አቋራጭ ላስጠንቅቅህ፤ ዋጋ አስከፍሎኛልና። ከዓመታት በፊት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቼ ነበር። ቪላኖቹ ብዙ ስለነበሩ ራውተሩ ላይ አንድ በአንድ ከመጻፍ አንድ ሰፊ ሩት አስገባሁ። 10.20.0.0 ብሎ የሚጀምር ሁሉ ወደ ስዊቹ ይሂድ አልኩ። ሠራ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ “ኢንተርኔቱ ሞተ ማለት ይቻላል” ብለው ጠሩኝ። ራውተሩ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ከኢንተርኔት በኩል የሚመጣ ብዙ ነገር ግን የለም።

አንድ ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዞ በ10.20 ክልል ውስጥ ያሉ አድራሻዎችን በሙሉ እየቆጠረ ይፈልግ ነበር። 10.20.99.5 የሚባል ነገር ቢሮው ውስጥ የለም። ኮምፒውተሩ ግን ይልካል። ስዊቹ 10.20.99.0 የሚል መስመር ስለሌለው ዲፎልቱን ይዞ ለራውተሩ ይሰጣል። ራውተሩ ደግሞ እኔ ባስገባሁት ሰፊ ሩት ለስዊቹ ይመልሳል። ስዊቹ እንደገና ለራውተሩ። እያንዳንዱ ፓኬት ሲፈጠር የዕድሜ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዊንዶውስ የሚሰጠው 128 ነው። በተሻገረ ቁጥር አንድ ይቀነስለታል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ስለዚህ አንዱ ፓኬት ከመሞቱ በፊት ያቺን ገመድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለስባታል። በሺህ የሚቆጠሩ ፓኬቶች እንዲህ ሲያደርጉ ለሠራተኞቹ የሚተርፍ ቦታ አልነበረም።

ያገኘሁት በ`tracert` ነው። ወደ አንድ የሌለ አድራሻ ስልከው 10.20.255.1፣ 10.20.255.2፣ ደግሞ 10.20.255.1፣ ደግሞ 10.20.255.2 እያለ ቀጠለ። ሁለት አድራሻ እየተፈራረቀ ካየህ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ለሌላው እየተቀባበሉ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። መድኃኒቱ ስዊቹ ላይ አንድ መስመር ነበር፦

```
ip route 10.20.0.0 255.255.0.0 Null0
```

`Null0` ማለት መጣያ ማለት ነው። የ10.20 ሆኖ ስዊቹ ለይቶ የማያውቀው አድራሻ ሲመጣ ወደ ራውተሩ ከመላክ እዚያው ይጥለዋል። ቪላን 10ንና 20ን አይጎዳም፤ የእነሱ መስመር ይበልጥ የጠበበ ስለሆነ ሁልጊዜ ይቀድማል። ኢንተርኔትንም አይነካም። አንተ ሁለት ቪላን ብቻ ስላለህ ራውተሩ ላይ ሁለቱን ለየብቻ ጻፋቸው፤ ሰፊውን አትጠቀም። ቢሮው አድጎ ስድስት ሰባት ቪላን ሲደርስ ሰፊውን ተጠቀም። ያኔ ግን የ`Null0` መስመር መጀመሪያ ስዊቹ ላይ ይግባ፣ ሰፊው ሩት ከዚያ በኋላ ራውተሩ ላይ።

ስዊቹ ላይ ከዲፎልቱ ሌላ ስታቲክ ሩት መቼ ያስፈልጋል? አሁን አያስፈልግህም። ስዊችህ አንድ መውጫ ብቻ ነው ያለው። አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኝ ቪፒኤን ራውተሩ ላይ ቢሠራም ስዊቹ ምንም አይቀየርም። ሁሉንም ለራውተሩ ይሰጣል፣ ራውተሩ ይለያል። ነገሩ የሚቀየረው የዋናው መሥሪያ ቤት መስመር በሌላ መሣሪያ በኩል ስዊቹ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ነው። ያኔ የዋናውን ኔትወርክ በስም ጠርተህ በዚያ መሣሪያ በኩል ትልከዋለህ፤ የቀረው በዲፎልቱ ይሄዳል። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ወደ 10.20.10.0 የሚመለስበት ሩት መኖሩን አረጋግጥ። ያው የዛሬው ችግር ነው፣ ቦታውን ቀይሮ የሚመጣው።

የስታቲክ ሩትን ገደብም እወቀው። ስታቲክ ሩት ከቴብሉ የሚወጣው የሚሄድበት ፖርት ሲጠፋ ነው። የራውተሩ የኢንተርኔት መስመር ቢቆረጥ ስዊቹ አያውቅም። ከራውተሩ ጋር ያለው ኬብል እስከበራ ድረስ ዲፎልት ሩቱ በቦታው ይቆያል። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲጠፋ `show ip route` ላይ ዲፎልቱን አይተህ “መንገዱ አለ” አትበል። አሁን አንድ መስመር ብቻ ስላላችሁ ይህ ጉዳት የለውም፤ የሚዞርበት ሌላ መንገድ የለምና። ሁለተኛ መስመር ስታስገቡ ግን መስመሩን እየጠየቀ የሚያረጋግጥ ነገር ያስፈልጋል።

ሲሠራልህ ሁለቱም መሣሪያዎች ላይ `write memory` በል። ራውቲንግ ላይ ያስገባኸው ሁሉ እስክታስቀምጠው ድረስ የሚኖረው በማስታወሻ ውስጥ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ይጠፋል። ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ “ትናንት ይሠራ ነበር” ይሉሃል፣ እውነታቸውንም ነው። ስዊቹ ላይ አስቀምጦ ራውተሩ ላይ መርሳት በተለይ ያሳስታል፤ የሚታየው ምልክት ዛሬ ከጻፍክልኝ ጋር አንድ ነውና። ስለዚህ ካስቀመጥህ በኋላ ቢሮው ባዶ ሲሆን ሁለቱንም አጥፍተህ አብራ። ከተነሱ በኋላ ከስዊቹ `ping 8.8.8.8 source vlan 10` በል፣ ከአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተርም `tracert -d 8.8.8.8`። ሁለቱ ከመለሱ ጨርሰሃል። `tracert` የሆነ ቦታ ከቆመ የመጨረሻዋን አድራሻና የራውተሩን `show ip route` ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።